ቋቱ ዋጋን ከማን ይማራል? የአውቶሜትድ ማርኬት ሜከር አሠራርና «ጊዜያዊ ኪሳራ»

በተለመደው የፋይናንስ ገበያ ዋጋ የሚወጣው በትዕዛዝ መዝገብ ላይ ነው። ሻጭ የሚሸጥበትን፣ ገዢም የሚገዛበትን ዋጋ ያስመዘግባል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ግብይቱ ይፈጸማል። ገዢና ሻጭ በአንድ ሰዓት ባይገናኙም ገበያው እንዳይቆም፣ ማርኬት ሜከር የሚባሉ ድርጅቶች በሁለቱም በኩል ቆመው ቀኑን ሙሉ መግዣና መሸጫ ዋጋ ይሰጣሉ። ትርፋቸው በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሥራው የሚያዋጣቸው ግን ገበያው በተነቃነቀ ቁጥር ዋጋቸውን ቶሎ መቀየር ሲችሉ ብቻ ነው። ዘግይቶ ዋጋ የሚቀይር ማርኬት ሜከር በአሮጌው ዋጋ እየሸጠ ይከስራል።

ይህ አሠራር እንደ ኢተሪየም ባለ ብሎክቼይን ላይ ሲሞከር ችግር ገጠመው። እዚያ እያንዳንዱ የትዕዛዝ ለውጥ ራሱን የቻለ ክፍያ የሚጠይቅና እስኪመዘገብ ሰከንዶች የሚወስድ ግብይት ነው። በደቂቃ መቶ ጊዜ ዋጋ መቀያየር የሚታሰብ አልነበረም። መፍትሔ ሆኖ የመጣው ሐሳብ ዋጋ ሰጪውን ሰው በአንድ የሒሳብ ቀመር መተካት ነው። ሐሳቡን የኢተሪየም መሥራች ቪታሊክ ቡተሪን በ2016 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አንሥቶት ነበር። ሥራ ላይ ካዋሉት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሃይደን አዳምስ ነው። ይህ ወጣት መካኒካል ኢንጂነር በ2017 እ.ኤ.አ. ከሥራው ከተቀነሰ በኋላ ፕሮግራም መጻፍ ተማረና በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ዩኒስዋፕን ለሕዝብ ከፈተ። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራባቸው አውቶሜትድ ማርኬት ሜከሮች የዚህ ቀመር ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ናቸው።

የአሠራሩ እምብርት የሊኩዲቲ ፑል የሚባለው የጋራ ቋት ነው። ቋቱ ሁለት ዓይነት ቶከን የተቀመጠበት ስማርት ኮንትራት ነው። ለምሳሌ በአንድ በኩል ኢተር፣ በሌላ በኩል ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተሳሰረው ዩኤስዲሲ ይቀመጡበታል። ለማቅለል ሲባል ከዚህ በታች ዩኤስዲሲ እንዲሁ ዶላር ተብሎ ይጠራል። ቶከኖቹን ወደ ቋቱ የሚያስገቡት ሊኩዲቲ አቅራቢዎች ናቸው። ማንም ሰው አቅራቢ መሆን ይችላል፤ ሁለቱን ቶከኖች በወቅቱ ዋጋ እኩል ግምት እንዲኖራቸው አድርጎ ያስገባል፣ የድርሻውን ማረጋገጫ ቶከን ይቀበላል፣ በፈለገ ጊዜም ማረጋገጫውን መልሶ ድርሻውን ያወጣል። መገበያየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር መገናኘት አያስፈልገውም፤ ከቋቱ ጋር ይገበያያል።

ቋቱ የሚከተለው ሕግ አንድ ብቻ ነው።

x × y = k

እዚህ ላይ x በቋቱ ያለው የኢተር ብዛት፣ y ደግሞ የዶላሩ ብዛት ነው። የሁለቱ ብዜት k ይባላል፤ ማንኛውም ግብይት ይህን ብዜት እንዲቀንስ ማድረግ አይችልም። ከቋቱ ኢተር ማውጣት የሚፈልግ ሰው ብዜቱ ባለበት እንዲጸና የሚበቃ ዶላር ማስገባት አለበት። ከዚህች አጭር ሕግ ውጭ በስማርት ኮንትራቱ ውስጥ ስለ ዋጋ የተጻፈ ምንም ነገር የለም።

አንድ ቋት 100 ኢተርና 200,000 ዶላር አለው እንበል። ብዜቱ 20,000,000 ነው። የአንድ ኢተር ዋጋ ከሁለቱ ብዛት ንጽጽር ይወጣል፤ 200,000 ለ100 ሲካፈል 2,000 ዶላር ይሆናል። አንድ ገዢ 1 ኢተር ሲያወጣ በቋቱ 99 ይቀራል። ብዜቱ እንዲጸና ዶላሩ 202,020 መሆን ስላለበት ገዢው 2,020 ዶላር ይከፍላል። ይህ ከታየው ዋጋ በ20 ዶላር ይበልጣል። ያው ገዢ በአንድ ጊዜ 10 ኢተር ቢያወጣ 90 ይቀራል፤ ዶላሩም 222,222 መሆን ስላለበት 22,222 ዶላር ያስገባል። ለእያንዳንዱ ኢተር በአማካይ 2,222 ዶላር ከፈለ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ሰው ቋቱ የሚያሳየው ዋጋ ደግሞ 2,469 ዶላር ገደማ ደርሷል።

በገዢው መነሻ ዋጋና በከፈለው አማካይ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ስሊፔጅ ይባላል። ልዩነቱን የሚወስነው ግዢው ከቋቱ አንጻር ያለው መጠን ነው። ያው የ10 ኢተር ግዢ መቶ እጥፍ በሚበልጥ ቋት ውስጥ ቢፈጸም፣ ገዢው በኢተር የሚከፍለው ጭማሪ 2 ዶላር ገደማ ብቻ ይሆን ነበር። ገበያተኛ ወደ ትልልቅ ቋቶች የሚሳበው፣ በትንንሽ ቋቶች የሚገበያይ ሰውም ትእዛዙ የሚሰረዝበትን የስሊፔጅ ጣሪያ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ለዚህ ነው። ቀመሩ አንድ ሌላ ጠባይም አለው፦ አንዱ ቶከን እየመነመነ በሄደ ቁጥር ዋጋው እየናረ ስለሚሄድ፣ ማንም ሰው ምንም ያህል ገንዘብ ቢያመጣ ቋቱን ፈጽሞ ባዶ ሊያደርገው አይችልም።

እያንዳንዱ ግብይት ኮሚሽን ይከፈልበታል። በዩኒስዋፕ የመጀመሪያና ሁለተኛ ስሪቶች ይህ ኮሚሽን ገዢው ከሚያስገባው ገንዘብ 0.3 በመቶ ነው። ገንዘቡ እዚያው ቋቱ ውስጥ ስለሚቀር k ቀስ በቀስ ያድጋል፤ የእያንዳንዱ አቅራቢ ድርሻም አብሮ ያድጋል። ሰዎች ቶከናቸውን ቋት ውስጥ የሚያስቀምጡት ይህን ገቢ ፈልገው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መምጣት ይቻላል። ቀመሩ ከራሱ ቋት ውጭ ምንም አያይም። በትልልቅ የክሪፕቶ ገበያዎች ኢተር በድንገት 2,880 ዶላር ቢደርስ ቋቱ አሁንም 2,000 ዶላር ነው ማለቱን ይቀጥላል። ዜና አይሰማም፣ ሌላ ገበያ አይጠይቅም። ዋጋውን የሚያርሙለት አርቢትራጅ የሚሠሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሥራውን በኮምፒውተር ፕሮግራም ያካሂዳሉ። በርካሽ ከቋቱ እየገዙ በውድ ውጭ ይሸጣሉ። በገዙ ቁጥር የቋቱ ዋጋ ይወጣል፤ ከውጭው ጋር ሲተካከል ትርፍ ስለማይኖር ያቆማሉ። የቋቱ ዋጋ ከዓለም ገበያ ብዙም ሳይርቅ የሚውለው በእነሱ ሥራ ነው። ይህን የሚያደርጉት ግን በነጻ አይደለም፤ ሒሳቡን የሚከፍሉትም አቅራቢዎቹ ናቸው።

ከላይ በተነሣው ቋት ላይ ሒሳቡን መከተል ይቻላል፤ ኮሚሽኑ ለጊዜው ይቆይ። ዋጋው 2,880 እስኪደርስ ድረስ ነጋዴዎቹ 16.67 ኢተር ያወጣሉ፣ 40,000 ዶላርም ያስገባሉ። በአማካይ በ2,400 ዶላር ገዙ ማለት ነው። ውጭ በ2,880 ሲሸጡት 48,000 ዶላር ያገኛሉ፤ ትርፋቸው 8,000 ዶላር ነው። በቋቱ ውስጥ የቀረው 83.33 ኢተርና 240,000 ዶላር ሲሆን ጠቅላላ ግምቱ 480,000 ዶላር ይሆናል። መጀመሪያ 400,000 ስለነበር አቅራቢዎቹ ያተረፉ ይመስላቸዋል። ነገር ግን 100 ኢተሩንና 200,000 ዶላሩን ቋት ውስጥ ሳያስገቡ ቤታቸው ቢያስቀምጡት ኖሮ 488,000 ዶላር ይኖራቸው ነበር። የጎደለው 8,000 ዶላር ነው፤ ያም ልክ ነጋዴዎቹ ያተረፉት ገንዘብ ነው። በኢንግሊዝኛ ኢምፐርማነንት ሎስ፣ በአማርኛም ጊዜያዊ ኪሳራ የሚባለው ይህ ነው፦ በቋቱ ያለው ድርሻ ያለው ግምትና ያው ቶከን ሳይነካ ቢቀመጥ ይኖረው በነበረው ግምት መካከል ያለው ጉድለት።

የጉድለቱ ምክንያት ቋቱ የሚወደደውን ቶከን እየሸጠ የሚረክሰውን ስለሚሰበስብ ነው። ኢተር ሲወደድ የቋቱ ኢተር ያንሳል። ኢተር ሲወርድ ደግሞ ነጋዴዎች ኢተር እያመጡ ዶላሩን ስለሚወስዱ ቋቱ በሚረክሰው ኢተር ይሞላል። ስለዚህ ኪሳራው ዋጋ በወጣም በወረደም ጊዜ ይከሰታል። የሚወሰነውም ዋጋው ከመነሻው በስንት እጥፍ እንደራቀ ብቻ ነው። ይህን እጥፍ r ብንለው፣ ቶከኑን ዝም ብሎ ከማስቀመጥ ጋር ሲነጻጸር ጉድለቱ በሚከተለው ቀመር ይሰላል።

2√r / (1 + r) − 1

ዋጋው በሩብ ቢጨምር ጉድለቱ 0.6 በመቶ ብቻ ነው፤ በእጥፍ ሲያድግ 5.7 በመቶ፣ አራት እጥፍ ሲሆን 20 በመቶ ይደርሳል። ወደ ታችም ያው ነው፤ ዋጋው ወደ ሩብ ሲወርድ ጉድለቱ 20 በመቶ ይሆናል። ትንሽ ንቅናቄ ብዙም አይጎዳም፤ ርቀቱ ሲሰፋ ግን ጉዳቱ በፍጥነት ይከፋል።

ኪሳራው ጊዜያዊ የተባለው ዋጋው ወደ መነሻው ከተመለሰ ስለሚጠፋ ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. የሆነው ነው። የሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ፣ የዩኤስዲሲ አውጪ የሆነው ሰርክል 3.3 ቢሊዮን ዶላር መጠባበቂያ እዚያ ባንክ እንደነበረው ገለጸ። ሁልጊዜ 1 ዶላር መሆን የነበረበት ዩኤስዲሲ ከ90 ሳንቲም በታች ወረደ። ዩኤስዲሲን ከሌሎች የዶላር ቶከኖች ጋር ያጣመሩ ቋቶች በአንድ ሌሊት በዩኤስዲሲ ተጥለቀለቁ፤ ሰው ሁሉ እሱን እያስገባ ሌላውን ያወጣ ነበርና። በዚያ ቅዳሜ ደንግጠው ድርሻቸውን ያወጡ አቅራቢዎች የረከሰውን ቶከን ይዘው ወጡ። የባንኩ አስቀማጮች ገንዘባቸውን እንደሚያገኙ የአሜሪካ መንግሥት ካስታወቀ በኋላ ግን ዋጋው በቀናት ውስጥ ወደ 1 ዶላር ተጠጋ፤ የጠበቁትም አቅራቢዎች ጉድለታቸው ተመለሰላቸው።

ዋጋ መመለሱ ግን ግዴታ የለበትም። በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 80 ዶላር ገደማ የነበረው የቴራ ብሎክቼይን ሉና ቶከን በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋጋ ቢስ ሆነ፤ ወደ ነበረበትም አልተመለሰም። እንዲህ ባለ ቶከን ላይ አቅራቢ የሆነ ሰው የሚደርስበት ምን እንደሆነ ቀመሩ ያሳያል። በድምሩ 40,000 ዶላር፣ ግማሹን በቶከን ግማሹን በዶላር ያስገባ ሰው፣ የቶከኑ ዋጋ ወደ መቶኛው ሲወርድ በእጁ የሚቀረው 4,000 ዶላር ነው። ያንኑ ገንዘብ ሳያስገባ ቢያስቀምጠው ኖሮ ግማሹ ዶላር ስለነበር 20,200 ዶላር ይተርፈው ነበር። ቋቱ እየወደቀ ያለውን ቶከን በዶላሩ እየገዛ እስከ ታች ድረስ ተከትሎታል። በዚህ አጋጣሚ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል አሳሳች ነው።

ዋጋው ሲመለስስ በእርግጥ ምንም ኪሳራ የለም? ይህ ጥያቄ ብዙ ማብራሪያዎች የሚያልፉት ነው፤ ሊታለፍ ግን አይገባም። ወደ ቋቱ ምሳሌ እንመለስ። ኢተር 2,880 ደርሶ ነጋዴዎቹ 8,000 ዶላር አትርፈዋል። አሁን የውጭው ዋጋ ወደ 2,000 ተመለሰ እንበል። ቋቱ ገና 2,880 ይላል። ነጋዴዎቹ 16.67 ኢተር ከውጭ በ33,333 ዶላር ይገዙና ለቋቱ ሰጥተው 40,000 ዶላር ይወስዳሉ፤ ሌላ 6,667 ዶላር አተረፉ። ቋቱ ተመልሶ 100 ኢተርና 200,000 ዶላር ሆኗል፤ ጊዜያዊ ኪሳራውም ዜሮ ነው። የነጋዴዎቹ 14,667 ዶላር ግን ከየትም አልመጣም። አቅራቢዎቹ ራሳቸው ያንኑ 16.67 ኢተር በ2,880 ሸጠው በ2,000 መልሰው ቢገዙ ኖሮ፣ በእጃቸው ይቀር የነበረው ትርፍ በትክክል ይኸው 14,667 ዶላር ነው። ቋቱ ግን ያንኑ መጠን በ2,400 ሸጦ በ2,400 መልሶ ገዛው።

በ2022 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ቲም ራፍጋርደንና ሦስት ባልደረቦቹ ይህን ወጪ ለመለካት ሎስ ቨርሰስ ሪባላንሲንግ የተባለ መለኪያ አቀረቡ። መለኪያው የቋቱን ውጤት የሚያነጻጽረው ቶከኑን ዝም ብሎ ካስቀመጠ ሰው ጋር ሳይሆን፣ ቋቱ የሚገዛውንና የሚሸጠውን ያህል በእውነተኛው የገበያ ዋጋ ከሚገበያይ ሰው ጋር ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ቋቱ በአሮጌ ዋጋ በተገበያየ ቁጥር የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ ያም ተመልሶ አይመጣም። ዋጋው በብዛት በተዋዠቀ ቁጥርም ወጪው ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ዋጋው የት እንዳረፈ የማይነግረንን ነገር የሚነግረን ይህ መለኪያ በመሆኑ፣ ለአቅራቢ ከጊዜያዊ ኪሳራ ይልቅ የተሻለ መመዘኛ ነው።

እስካሁን የተተወው ኮሚሽን በሌላኛው ሚዛን ላይ ይቀመጣል። በቋቱ 10 በመቶ ድርሻ ያለው አቅራቢ፣ ማለትም 10 ኢተርና 20,000 ዶላር ያስገባ ሰው፣ ኢተር 2,880 ሲደርስ ጉድለቱ 800 ዶላር ነው። በ0.3 በመቶ ኮሚሽን ይህን ለመሸፈን ቋቱ 2.67 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማገበያየት አለበት። ይህ መጀመሪያ ከነበረው የቋቱ ግምት ወደ ሰባት እጥፍ ይጠጋል። የአርቢትራጅ ነጋዴዎቹ 40,000 ዶላር ኮሚሽን 120 ዶላር ብቻ ስለሆነ ብዙ አይረዳም። ቋቱን የሚያዋጣው ለራሱ ጉዳይ ቶከን ለመለወጥ የሚመጣው ተራ ገበያተኛ ነው፤ እሱ የዋጋ ልዩነት አሳዶ አልመጣምና።

በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩኒስዋፕ ሦስተኛ ስሪት ይህን ሚዛን በሁለቱም በኩል አከበደው። በቀድሞው አሠራር የአቅራቢው ገንዘብ ከዜሮ እስከ ወሰን የለሽ ዋጋ ድረስ ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ አብዛኛው ሥራ ፈትቶ ይውላል። በአዲሱ አሠራር አቅራቢው ገንዘቡ የሚሠራበትን የዋጋ ክልል ራሱ ይመርጣል። ኢተር 2,000 ዶላር ሳለ 40,000 ዶላሩን ከ1,600 እስከ 2,500 ባለው ክልል ያስቀመጠ ሰው፣ በዚያ ክልል ውስጥ የ380,000 ዶላር ገደማ የቀድሞ ዓይነት ድርሻ ያህል ይሠራል፤ ኮሚሽኑም በዚያው ልክ ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ገደማ ይሆናል። ጉድለቱም እንዲሁ። ዋጋው 2,500 ሲደርስ የቀድሞው ዓይነት አቅራቢ 279 ዶላር ይጎድለው ነበር፤ ይህኛው 2,639 ዶላር ይጎድለዋል። ከ2,500 በላይ ደግሞ ኢተሩ ሁሉ ተሸጦ አልቆ በእጁ ዶላር ብቻ ስለሚቀር ኮሚሽን ማግኘቱን ያቆማል። ከ1,600 በታች ከወረደም በተቃራኒው የሚቀረው ኢተር ብቻ ነው። ክልሉን በየጊዜው እያየ የማያስተካክል ሰው ለዚህ አሠራር የሚመች አይደለም።

አቅራቢ ማትረፍና መክሰሱን የሚያውቅበት ቀላል መንገድ አለ፤ ድረ ገጾቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያሳዩም። በማስታወቂያ ላይ በዓመት እስከዚህ በመቶ እየተባለ የሚወጣው ገቢ ኮሚሽኑን ብቻ የሚቆጥር ነው፤ ጉድለቱ ከውስጡ አልተቀነሰም። የዶላር ግምቱ ማደጉም ማስረጃ አይሆንም፤ በምሳሌው ከ400,000 ወደ 480,000 ያደገው ቋት ከማስቀመጥ ያነሰ ውጤት ነበረው። ትክክለኛው ንጽጽር የሚጀምረው ወደ ቋቱ በተገባበት ቀን የእያንዳንዱን ቶከን ብዛት መዝግቦ በመያዝ ነው። ያንን ብዛት በዛሬው ዋጋ ማስላት፣ ከዚያም ኮሚሽኑን ጨምሮ ዛሬ ከቋቱ ሊወጣ ከሚችለው ግምት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካነሰ ቋቱ እስከዚያ ቀን አላዋጣም። በዚህ ሚዛን የተሻለ ዕድል ያላቸው ሁለቱ ቶከኖቻቸው ተያይዘው የሚንቀሳቀሱና ብዙ ተራ ገበያተኛ ያላቸው ቋቶች ናቸው። አንደኛው ቶከን ሊጠፋ የሚችል ከሆነ ግን የትኛውም የኮሚሽን መጠን አቅራቢውን አያድነውም።